ጤነኛ ወይስ ጤናማ?

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአማርኛ ደብተሯን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቅር ብሏታል። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት ያደረገባትን አንድ መስመር በጣቷ አሳየችኝ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ልጆች ______ ምግብ መመገብ አለባቸው። (ጤና)»። እሷ የሞላችው «ጤነኛ» ብላ ነው።

«አጎቴ፣ ጤነኛ ቃል አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ቃልማ ነው» አልኳት፤ «ቦታው ግን የሱ አይደለም።»

መልሴ አላጠገባትም። ልክ ናት፤ ለምን ቦታው የሱ እንዳልሆነ አልነገርኳትም። ለዓመታት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አውጥቻለሁ፣ ብዙ ጊዜም አርሜያለሁ። ተማሪዎች የሚሳሳቱት ቃሉን ስለማያውቁት አይደለም። አብዛኞቹ መልሱን በአፋቸው በየቀኑ ይናገሩታል። የሚሳሳቱት በቅንፍ ውስጥ ያለውን ቃል ብቻ አይተው፣ ክፍት ቦታውን ሳያነቡ ስለሚጽፉ ነው።

ጥያቄው በአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የተለመደ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይቀርባል፤ ከመካከሉ አንድ ቃል ይጎድለዋል፤ የጎደለው ቃል መነሻ በቅንፍ ይሰጣል። ተማሪው መነሻውን እንዳለ አይገለብጠውም። ከፊቱ ወይም ከኋላው ቅጥያ ይጨምርበታል፣ አንዳንዴም ውስጡን ለውጦ ለቦታው የሚስማማ የቃል ክፍል ያደርገዋል። የቀድሞ ሰዋስው አስተማሪዎቻችን ከፊት የሚገባውን ባዕድ መነሻ፣ ከኋላ የሚገባውን ባዕድ መድረሻ ይሉታል። ዛሬ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ የሚሉት ስሞች ይበልጥ ይሰማሉ።

እንግሊዝኛም ይኸው ጥያቄ አለው። በካምብሪጅ «ቢ2 ፈርስት» ፈተና ውስጥ ስምንት ክፍት ቦታ ያለው አንድ ጽሑፍ ይቀርባል፤ ከየመስመሩ ዳር መነሻ ቃሉ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። ተፈታኙ ከ«ሃፒ» ተነስቶ «አንሃፒ» ወይም «ሃፒነስ» ማለት አለበት። እዚያ ግን አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በቃሉ ጠርዝ ላይ ነው። መነሻው ብዙም ሳይነካ ከፊት ወይም ከኋላ አንድ ነገር ይቀጠልበታል። አማርኛ ከዚህ ይለያል። የአማርኛ ቃል ከውስጥም ይታነጻል፤ ስለዚህ «ምን ልቀጥል?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ተማሪ ግማሹን ጥያቄ አልጠየቀም።

መጀመሪያ ቦታው ይነበባል

በቅንፍ ያለውን ቃል ለጊዜው በጣታችሁ ሸፍኑት። ዓረፍተ ነገሩን ብቻ አንብቡና ክፍት ቦታው ምን ዓይነት ቃል እንደሚፈልግ ጠይቁ። አማርኛ ለዚህ ግልጽ ምልክቶች አሉት። ክፍት ቦታው ከስም ፊት ከተቀመጠ ቅጽል ይፈልጋል፤ «______ ምግብ» እንደሚለው። ከክፍት ቦታው ፊት «በጣም» ካለና ከኋላው «ነው» ካለ አሁንም ቅጽል ነው። ከክፍት ቦታው ጋር «ን» ተጣብቃ ከቀረች ቦታው የስም ነው፤ ድርጊቱ ያረፈበትን ነገር ይጠይቃል። ክፍት ቦታው የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ሆኖ «ነው» ወይም «አለ» ከሌለ ደግሞ ግስ ይፈልጋል፤ የአማርኛ ግስ ቤቱ መጨረሻ ላይ ነውና።

ይህን በአንድ ቤተሰብ እንየው። መነሻው «ጠቀመ» ይሁን። ከዚህ ግስ የሚወለዱት ቃላት ብዙ ናቸው፦ ጥቅም፣ ጠቃሚ፣ ተጠቃሚ፣ ጥቅመኛ፣ አጠቃቀም፣ ጠቀሜታ፣ መጠቀሚያ። አሁን በእነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ላይ እናስቀምጣቸው።

«እንቅልፍ ለሰው ልጅ ______ ነው።» መዝጊያው «ነው» ስለሆነ፣ ስለ እንቅልፍም አንድ ጠባይ እየተነገረ ስለሆነ ቦታው ቅጽል ይፈልጋል። መልሱ «ጠቃሚ» ነው። «ጥቅም ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አለ። ሲነበብ ጆሮ ይቆረቁረዋል፤ ቦታው የሚፈልገው የእንቅልፍን ጠባይ ሲሆን ተማሪው ስም አስቀምጦበታልና።

«የመድኃኒቱ ______ ከዕቃው ጀርባ ተጽፏል።» እዚህ ባለቤቱ ራሱ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ስም ያስፈልጋል። ግን የትኛው ስም? «ጥቅም» ስም ነው፣ «አጠቃቀም»ም ስም ነው። ሁለቱም በሰዋስው ይገባሉ። «የመድኃኒቱ ጥቅም» ሲባል ምን እንደሚፈውስ ነው፤ «የመድኃኒቱ አጠቃቀም» ሲባል በቀን ስንቴ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚወሰድ ነው። ጠያቂው አንዱን ብቻ ከፈለገ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ መወሰን ነበረበት። ይህን ነጥብ በኋላ እመለስበታለሁ።

«የቧንቧ ውሃ ______ዎች ወርኃዊ ሂሳባቸውን ይከፍላሉ።» ከክፍት ቦታው በኋላ «ዎች» ቀርታለች፤ ስለዚህ ቃሉ ብዛት የሚቀበል ስም ነው። የሚከፍሉት ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ሰውን የሚጠራ ስም ነው። «ጠቃሚዎች» ብንል ለሌላው ጥቅም የሚሰጡት ይሆናሉ። የቧንቧ ውሃ ግን ለእነሱ ነው የሚጠቅመው፤ ጥቅሙን ተቀባዮቹ እነሱ ናቸው። ስለዚህ «ተ» ከፊት ትገባና «ተጠቃሚዎች» ይሆናል። አንዲት «ተ» ሰጪውን ተቀባይ አደረገችው።

«ወዳጅነቱ በገንዘብ የሚለካ ______ ሰው ነው።» ከስም ፊት ስለሆነ ቅጽል ነው። «ጠቃሚ ሰው» የምንለው ለሌሎች የሚረዳውን ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን የራሱን ብቻ የሚያሳድደውን ነው የሚገልጸው። መልሱ «ጥቅመኛ» ነው። «ጠቃሚ»ና «ጥቅመኛ» ከአንድ ግስ የተወለዱ ወንድማማቾች ቢሆኑም አንዱ ምስጋና ነው፣ ሌላው ወቀሳ።

ከእነዚህ አራት ጥያቄዎች ውስጥ በቃል ክፍል ብቻ የተፈታው የመጀመሪያው ነው። በቀሩት ሦስቱ የቃል ክፍሉ በሩን ከፈተ እንጂ መልሱን የሰጠው የዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ቦታው ምን ዓይነት ቃል እንደሚፈልግ፣ ከዚያ ከዚያ ዓይነት ቃል ውስጥ የትኛው ትርጉም እንደሚገባ፣ በመጨረሻም የቃሉ ቅርጽ እንዴት እንደሚጻፍ።

እያንዳንዱ ቅጥያ የራሱ ርስት አለው

ወደ እህቴ ልጅ ጥያቄ እንመለስ። «______ ምግብ» ቅጽል ይፈልጋል፤ እስከዚህ ድረስ ልክ ነበረች። «ጤነኛ»ም «ጤናማ»ም ቅጽሎች ናቸው። ልዩነቱ ያለው በቅጥያዎቹ ባሕርይ ላይ ነው።

«ኛ» አብዛኛውን ጊዜ የምትቀርበው ሰውን ወይም ሕይወት ያለውን ነገር ለመግለጽ ነው። እውነት የሚናገር እውነተኛ ነው፤ በፈረስ የሚሄድ ፈረሰኛ ነው፤ ኃይሉ የበዛ ኃይለኛ ነው። ጤነኛ ማለት ደግሞ በሽታ የሌለበት፣ አእምሮውም የተስተካከለ ማለት ነው። ላም ጤነኛ ትሆናለች፤ ሰው ጤነኛ ይሆናል። ጎመን ግን ታሞ አያውቅም፤ ስለዚህ ጤነኛ ሊባል አይችልም።

«ማ» ደግሞ አንድ ነገር በሌላው መሞላቱን ወይም የዚያን ባሕርይ መያዙን ትናገራለች። ተራራ የበዛበት አገር ተራራማ፣ ድንጋይ የሞላበት መሬት ድንጋያማ፣ ጭቃ ያለበት መንገድ ጭቃማ፣ ፍሬ የሰጠ ድካም ፍሬያማ ነው። ጤናማ ምግብም ጤናን የሚያመጣ ምግብ ነው። ጤናማ ኑሮ፣ ጤናማ ግንኙነት፣ ጤናማ ውድድር የምንለው በዚህ መንገድ ነው። እርግጥ «ጤናማ ልጅ ተወለደ» ማለትም ይቻላል፤ ጤናማ ወደ ሰውም ይሻገራል። ጤነኛ ግን ወደ ምግብ አይሻገርም። ድልድዩ የአንድ አቅጣጫ ነው።

«ኣም» ደግሞ አንድ ሰው አንድ ነገር እንዳለው፣ ብዙውን ጊዜም ከመጠን ያለፈ እንዳለው ትናገራለች፤ ሀብታም፣ ሆዳም፣ ፀጉራም እንደሚባለው። ከ«ኛ» ጋር ስትጋጠም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። «ጉልበት» የሚለውን መነሻ ውሰዱ። ጉልበታም ማለት ጠንካራ ሰው ነው፤ ኩንታል እህል ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ። ጉልበተኛ ማለት ግን ያንኑ ጉልበት ደካማውን ለማጥቃት የሚያውለው ነው። አሠሪ ቀን ሠራተኛ ሲፈልግ ጉልበታም ሰው ይፈልጋል፤ ጉልበተኛውን ግን ሰፈሩ ይፈራዋል።

«ኣዊ» ከእነዚህ ሁሉ ትለያለች፤ የአንድን ነገር ወገንነት ወይም ዝምድና ትናገራለች። ባህላዊ ልብስ ከባህል ጋር የሚዛመድ ነው፤ ሳይንሳዊ ጥናት የሳይንስን መንገድ የተከተለ ነው፤ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ወገን ነው። የአገር ስም ላይ «ኛ» እና «ኣዊ» ሲገጥሙም ሥራቸውን ተከፋፍለዋል። «እንግሊዝ» በቅንፍ ተሰጥቶ «______ ቋንቋ ይማራል» ከሆነ እንግሊዝኛ፣ «አንድ ______ ጎብኚ መጣ» ከሆነ እንግሊዛዊ ይሆናል።

የቅርጹን ነገር ደግሞ ፊደሉ ራሱ ያስተምራል። «ኛ» ጠባይን ስትገልጽ ከፊቷ ያለው ፊደል ወደ ግዕዝ ይመለሳል፦ እውነት ከሆነው «ት» ወደ «ተ» ሄዶ እውነተኛ፣ ጤና ከሆነው «ና» ወደ «ነ» ሄዶ ጤነኛ ይሆናል። የቋንቋ ስም ስትሆን ግን ሳድሱ ሳድስ ሆኖ ይቆያል፤ እንግሊዝኛ እንጂ እንግሊዘኛ ብለው የሚጽፉ ጥንቁቅ ጸሐፊዎች አይደሉም። «ኣም»ና «ማ» ደግሞ ራብዕን ይወዳሉ፤ ሀብታም፣ ጉልበታም፣ ድንጋያማ። ተማሪ ይህን አንዴ ካስተዋለ «ጤናኛ» ወይም «ሀብተም» ብሎ አይጽፍም።

ቃሉ ከውስጥ ሲለወጥ

አማርኛ እንደ ግዕዝና እንደ ዕብራይስጥ ቃሉን ከሥር ያበቅላል። የ«ከፈለ» ሥር ከ፣ ፈ፣ ለ የሚሉት ሦስት ድምፆች ናቸው፤ ቃሉ የሚታነጸው በመካከላቸው አናባቢዎችን በማስገባት ነው። አድራጊውን ለመጥራት ከውስጥ «ኣ» ታስገባለህ፣ ከመጨረሻ ደግሞ «ኢ» ትጨምራለህ። ጠበቀ ያለው ጠባቂ፣ ሰበረ ያለው ሰባሪ፣ ፈለገ ያለው ፈላጊ ይሆናል። በዚህ ሕግ ብንሄድ ከፈለ ያለው «ከፋሊ» መሆን ነበረበት። ነገር ግን ማንም «ግብር ከፋሊ» አይልም፤ ግብር ከፋይ እንላለን።

ይህ የሆነው ያ የመጨረሻ «ኢ» የምላስ ጫፍ የሚጠራቸውን ድምፆች ስለሚለውጥ ነው። «ለ» ወደ «ይ» ይለወጣል፦ ከፋይ፣ ገዳይ፣ አገልጋይ። «ተ» ወደ «ች»፦ ከፋች። «ደ» ወደ «ጅ»፦ ወሳጅ። «ጠ» ወደ «ጭ»፦ ቆራጭ፣ መራጭ። «ሰ» ወደ «ሽ»፦ አራሽ፣ ለባሽ። «ዘ» ወደ «ዥ»፦ ገዥ። «ነ» ወደ «ኝ»፦ ለማኝ፣ ዘፋኝ። «ረ»ን ግን አይነካትም፤ ለዚህ ነው ሰባሪ፣ ተናጋሪ ያልነው።

ደስ የሚለው ነገር ይኸው ለውጥ በመሣሪያና በቦታ ስሞችም ላይ መደገሙ ነው። ከፊት «መ»፣ ከኋላ «ኢያ» ሲገቡ ጠረገ ያለው መጥረጊያ፣ ጠበቀ ያለው መጠበቂያ ይሆናል። የምላስ ጫፍ ድምፆች ግን እንደገና ይለወጣሉ፦ መክፈቻ፣ መቁረጫ፣ መውሰጃ፣ ማረሻ፣ መግዣ፣ መክፈያ። ስለዚህ ተማሪው «ቆራጭ» የሚለውን በትክክል መጻፍ ከቻለ «መቁረጫ»ን አዲስ አድርጎ መማር አያስፈልገውም፤ «ጭ» ከአንዱ ወደ ሌላው ተሸጋግራለች። «የጥፍር ______ (ቆረጠ)» ሲባል «መቁረጢያ» ብሎ የጻፈ ልጅ ሕጉን ያውቃል፤ ያላወቀው የምላስ ጫፉን ለውጥ ነው። ያንን ብቻ ብታሳዩት ስህተቱ ከዚያ በኋላ በሌሎቹም ቃላት ላይ ይጠፋል።

ረቂቅ ስም ለማውጣትም «ነት» ሁልጊዜ አትበቃም። ደግ ደግነት፣ ሞኝ ሞኝነት ይባላል፤ ይህ ቀላል ነው። ሰነፍ ግን ስንፍና፣ ንጹሕ ንጽሕና፣ ቆንጆ ቁንጅና፣ ብቁ ብቃት ይላል። እነዚህ ውስጣቸውን ለውጠው የራሳቸውን ስም አስቀድመው ይዘዋል። «ጎረቤት» የሚለው ጉርብትና ይሆናል። «ሽማግሌ» ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል፤ ሽማግሌነት ዕድሜው ነው፣ ሽምግልና ደግሞ የተጣላን ማስታረቁም ጭምር ነው። «ባልና ሚስቱ በ______ ታረቁ። (ሽማግሌ)» በሚለው ቦታ «ነት» የተቀጠለበት ቃል ሰዋስው ባያፈርስም ትርጉሙን ያጎድላል።

ተውሳከ ግስና ቅድመ ቅጥያ

እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ «ድርጊቱ እንዴት ተደረገ?» ለሚለው ቃል አንድ የተወሰነ ድኅረ ቅጥያ ይፈልጋል። አማርኛ እንዲህ ያለ አንድ ቅጥያ የለውም። ፕሮፌሰር ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» የቃል ክፍሎችን አምስት ሲያደርጉ ተውሳከ ግስን አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። የዚህ ክፍል አባላት ግን ጥቂት ናቸው፤ «ክፉኛ ታመመ» በሚለው ውስጥ ያለው ክፉኛ ከእነሱ አንዱ ነው። ሌላውን ሥራ አማርኛ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው «በ»ን ከስም ፊት ማስገባት ነው፦ በፍጥነት፣ በጥንቃቄ፣ በደስታ። ሁለተኛው ግሱን ማሰር ነው፦ ፈጥኖ፣ ተጠንቅቆ፣ ተደስቶ። ስለዚህ «አምቡላንሱ ______ ደረሰ። (ፈጣን)» ለሚለው ጥያቄ ተማሪው መጀመሪያ ፈጣንን ወደ ፍጥነት ይለውጣል፣ ከዚያ «በ»ን ያስገባል። ሁለት እርምጃ ነው፤ ብዙዎች አንዱን ብቻ ይራመዱና «ፍጥነት ደረሰ» ብለው ይተዉታል።

ቅድመ ቅጥያዎች ላይ ሁለት ቦታ ማስተዋል ያስፈልጋል። አንዱ አፍራሽ ነው። ከግዕዝ የመጣችው «ኢ» የምትገባው በአብዛኛው «ኣዊ» ባላቸው ቃላት ላይ ነው፤ ኢሰብዓዊ፣ ኢፍትሐዊ እንደሚባለው። ቆንጆን «ኢቆንጆ» ጥሩን «ኢጥሩ» አንልም። ጤናማም ሲፈርስ «ጤናማ ያልሆነ» ይሆናል። አንዳንዴም መልሱ ቅጥያ ሳይሆን ጥምር ቃል ይሆናል፤ «______ ንግድ (ሕግ)» ሲባል ሕገ ወጥ ንግድ እንላለን። ግስ ሲፈርስ ደግሞ ቅጥያው በሁለቱም በኩል ይገባል፦ አልመጣም። ግሱ ስምን ሊገልጽ ሲሄድ ግን ኋላ ያለችው «ም» ትወድቃለች፤ «ትናንት ያልመጡ ተማሪዎች» እንላለን እንጂ «ያልመጡም» አንልም።

ሁለተኛው አስደራጊ ነው። ቡናው ራሱ ሲፈላ «ፈላ» ነው፤ እናት ስታፈላው «አፈላች» ትሆናለች፤ በሌላ ሰው እጅ ካስደረገችው «አስፈላች» ነው። የማይሻገር ግስ ብዙውን ጊዜ «አ»ን ይቀበላል፤ ተሻጋሪው «አስ»ን፦ ቆረጠ፣ አስቆረጠ። መብላት፣ መጠጣትና መልበስ ግን ተሻጋሪ ሆነው ሳለ «አ»ን ይቀበላሉ። «እናትየው ሕፃኑን ገንፎ ______ው። (በላ)» ቢባል መልሱ «አበላች» ነው። «እረኛው ተኝቶ በጉን ለቀበሮ ______። (በላ)» ሲባል ግን መልሱ «አስበላ» ይሆናል። አበላ ማለት መገበ ነው፤ አስበላ ማለት እንዲበላ ተወ፣ አጠፋ ማለት ነው። ያቺ «ስ» በሕፃኑና በበጉ መካከል ያለውን ልዩነት ተሸክማለች።

የጥያቄ አውጪው ድርሻ

ከላይ የመድኃኒቱን ጥያቄ እመለስበታለሁ ብያለሁ። ባስተማርኩባቸው ዓመታት በአንድ ፈተና ላይ «ይህ ሰው በጣም ______ ነው። (ጉልበት)» ብዬ ጽፌ ነበር። በመልስ ቁልፌ ላይ «ጉልበታም» አሰፈርኩ። ሳርም ብዙዎቹ «ጉልበተኛ» ብለዋል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ እነሱ አልተሳሳቱም። ቦታው ሁለቱንም ይቀበላል፤ ዓረፍተ ነገሬ የትኛውን እንደፈለግሁ አልተናገረም። ለሁለቱም መልስ ነጥብ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ጥያቄ «ሁለት ኩንታል ለብቻው የሚያነሳ ______ ሰው ነው» ብዬ አሻሻልኩት፤ አሁን ቦታው ጉልበታምን ብቻ ነው የሚቀበለው።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ባወጣሁ ቁጥር አንድ ሙከራ አደርጋለሁ። ከመነሻው የሚወለዱትን ቃላት ሁሉ በወረቀት ላይ እደረድራለሁ፤ እያንዳንዱን በክፍት ቦታው ላይ አስቀምጬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከአንድ በላይ ቃል ካለፈ ዓረፍተ ነገሩ ጎድሎበታል፤ አንድ ሐረግ እጨምርበታለሁ። ለመድኃኒቱ ጥያቄ «በቀን ስንት ፍሬ እንደሚወሰድ የሚያስረዳው የመድኃኒቱ ______ ከዕቃው ጀርባ ተጽፏል» ብንል «ጥቅም» ከውድድር ይወጣና «አጠቃቀም» ብቻ ይቀራል።

ይኸው ሙከራ ለተማሪም ይሠራል። የቻለውን ያህል ቃላት ከመነሻው ያውጣ፤ አንድ በአንድ ቦታው ላይ ያስቀምጣቸው፤ ጮክ ብሎ ያንብብ። ጆሮው የሚያውቀውን እጁ እንዲጽፈው መንገድ ይከፍትለታል። ውጭ አገር ተወልዶ አማርኛን በቅዳሜና እሑድ ትምህርት ለሚማር ልጅም ቢሆን ከቅጥያ ሰንጠረዥ ይልቅ ይህ ድርደራ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ሰንጠረዡ «ኛ» ቅጽል እንደምታወጣ ይነግረዋል፣ ጎመን ጤነኛ እንደማይባል ግን አይነግረውም።

ለእህቴ ልጅ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ደብተሯን አዙረን በጀርባ ገጹ ላይ ከ«ጤና» የሚወለዱትን ጻፈች፦ ጤነኛ፣ ጤናማ፣ ጤንነት። «አሁን እያንዳንዱን የራሱ ቦታ አስገቢው» አልኳት። ለ«ጤንነት» አላስቸገራትም፤ «አያቴ ስለ ጤንነቷ ተጠየቀች» አለች። በሁለቱ ቅጽሎች ላይ ግን ትንሽ ቆየች። እስክሪብቶዋን አገጯ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ስታይ ቆይታ ጎንበስ ብላ ጻፈች።

«ጤነኛዋ ላም ጤናማ ወተት ትሰጣለች።»

ቀይ እስክሪብቶዬን አላወጣሁም። ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላ እንድታነብልኝ ብቻ ጠየቅኋት፤ አነበበችው። ከዚያ ሁለቱን ቃላት ራሷ አቀያይራ እንደገና አነበበች፤ «ጤናማዋ ላም ጤነኛ ወተት…» ብላ ወተቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ወተት አይታመምማ» አለች።